ሦስተኛው ቀይ ምልክት

ያልኩት አንዲት ቃል ብቻ ነው። «ይዘጋሉ» ነው ያልኩት። ውሸት አልነበረችም። ውሸት ብትሆን ኖሮ ንስሐ ገብቼ፣ ቄሱ ስግደት አዘውኝ፣ ያኔውኑ በተገላገልኩ ነበር። እውነት ሆና ነው እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅራ የቀረችው።

ቦኖ ጠባቂ ነበርኩ። ቦኖው ከመርሳ ወደ ውርጌሳ በሚወስደው አስፋልት ዳር ነው፤ አራት ቧንቧ፣ አንድ የሲሚንቶ መደብ፣ አንድ የእኔ መቀመጫ ዱካ። ሥራዬ ቧንቧ መክፈትና መዝጋት፣ ወረፋ ማስያዝ፣ የሚጋፋውን መስደብ ነው። ለመሳደብ ማንም አያስተምረኝም። የሰፈሩ ሰው ምላሷ ስለት ነው ይለኛል፤ አልክድም። አራት መቶ ጀሪካን በጸሐይ የሚያሰልፍ ሰው ምላሱ ማር ቢሆን ማን ይሰማዋል?

ጉድጓዱ ከቦኖው በላይ፣ ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ፣ በአጥር የተከለለ ነው። በማሽን የተቆፈረ፣ ጥልቅ ነው። የተመረቀ ቀን ከላይ የመጡ አንድ ሹም ማይክራፎን ይዘው «ከእግራችሁ ሥር ባሕር አለ» አሉን። እልል አልን። ይህቺ ንግግር ናት በኋላ ጉድ ያፈላችው። ባሕር አይጎድልማ! እንግዲህ ውሃ ከጎደለ የጎደለው የሰው ተንኮል ነው ማለት ነው።

ፓምፑን የሚያንቀሳቅሱት ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ነገር የማይወዱ ሰው ነበሩ። ሁላችንም «አያ» ነበር የምንላቸው። የፓምፕ ቤቷ በር ላይ ተቀምጠው ሞተሩን ያዳምጡ ነበር። እኔ ምንም የማይሰማኝን ድምፅ ሰምተው ብድግ ይላሉ። «ዛሬ ደክሞታል» ይላሉ፣ ስለ ታመመ ሰው የሚያወሩ ይመስል።

ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደርሶን ታጣቂዎች አገሩን ሲይዙ መብራት ጠፍቶ ነበር። እነሱ ግን ናፍጣ ነበራቸው። አያን ከቤታቸው ጎትተው አመጧቸውና የጉድጓዱን ጄኔሬተር አስነሱ አሏቸው። መሣሪያ ከጀርባቸው ተደግኖ ነው ያስነሱት፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነበርና ጉድጓዱ እስከ አፉ የሞላ ያህል ነው፤ ቫልቩ እስከ ጥጉ ተከፍቶ ቧንቧው እንደ ፈረስ ያናፋ ነበር። እነሱ ቦቴያቸውን ሞሉ፣ ገላቸውን ታጠቡ። ከእነሱ የተረፈውን እኛም ቀድተናል። ማንም አልጠላም፤ ማንም «ለእነሱ የተቀዳ ነው፣ አልጠጣም» አላለም። ይህን ጻፉልኝ፤ በኋላ ሰው ሁሉ ረስቶታልና።

ሲወጡ ጄኔሬተሩን ጭነው ሄዱ። የጉድጓዱን መቆጣጠሪያ ሳጥን ገንጥለው ውስጡን ዘረገፉት። ውሃ ማጠራቀሚያው ሮቶ በጥይት ወንፊት ሆነ። መብራት ሲመለስ ከወልዲያ አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጥቶ ሞተሩን ከመስመሩ ጋር ቀጥታ አገናኘውና ለአያ እንዲህ አላቸው፦ «ውሃው ከፓምፑ በታች ሲወርድ ሞተሩን በራሱ የሚያጠፋው ዕቃ ተወስዷል። ሌላ እስኪገኝ ጠባቂው እርስዎ ነዎት። አየር ከሳበ ያልቅለታል።» እኔ ቡና ይዤ ሄጄ ስለነበር ቆሜ ሰምቻለሁ። ይህንንም ሰምቻለሁ።

በጋው ገባ። በልጉ ዘሎን አለፈ፤ የካቲት ጠበቅን፣ መጋቢት ጠበቅን፣ ደመናው እየመጣ ይሄዳል። ከሰሜን የተፈናቀለው ሕዝብ ትምህርት ቤቱን ሞልቶ በግቢው ድንኳን ከድንኳን ተጠጋግቶ ተተከለ። የወረፋው ጭራ አስፋልቱን ተሻገረ። ቧንቧው ደግሞ ቀን በቀን ቀጠነ። ግንቦት ላይ የሕፃን ሽንት አከለ። አንድ ጀሪካን እስኪሞላ ሴቲቱ ተቀምጣ ልጇን አጥብታ ትጨርሳለች።

ተናድጄ ወደ ፓምፕ ቤቷ ወጣሁ፤ ነጠላዬን እንኳ በወጉ አልለበስኩም። «አያ! በማርያም፣ ይክፈቱት እንጂ! ሰው ሊበላኝ ነው!»

ከቁጣዬ ጋር አልተጣሉም። ከግድግዳው ላይ አንድ ጥቅል ሲባጎ አወረዱ። ጫፉ ላይ ትልቅ ብሎን ታስሮበታል፤ በየሜትሩ ቋጠሮ አለው። ለዚሁ በተተወች ቀጭን ቱቦ ወደ ጉድጓዱ ሰደዱትና «ጆሮሽን አምጪ» አሉኝ። ተንበርክኬ ጆሮዬን ሰጠሁ። ቋጠሮው በጣታቸው መሐል ሲያልፍ ይቆጥራሉ። ብዙ ከቆጠሩ በኋላ ከሩቅ፣ ከታች፣ ጡብ አለ።

«መስከረም ላይ ሃያኛው ቋጠሮ ላይ ነበር ጡብ የሚለው» አሉኝ። «አሁን ፓምፑ ቆሞ፣ ውሃው አርፎ፣ ሠላሳ ሦስት ነው። ፓምፑ ሲሠራ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። ፓምፑ ያለው አርባ ስምንተኛው ላይ ነው።»

«ባሕር አይደለም እንዴ ያሉን?»

ሳቁ። «የምን ባሕር! ጠጠርና አሸዋ ነው፣ የተሰነጠቀ ድንጋይ ነው። ውሃው በዚያ መሐል እየተሽሎከሎከ ነው የሚመጣው፣ ከተራራው ሥር። ዝናብ ሲኖር ከላይ ይጨመርበታል፤ ዝናብ ሲጠፋ ወደ ታች እየፈሰሰ፣ እኛም እየቀዳነው፣ መጠኑ ይወርዳል። አንቺ ልጅ ሆነሽ በበጋ የወንዙን አሸዋ ምሰሽ አልቀዳሽም?»

ቀድቻለሁ እንጂ። ማን ያልቀዳ አለ? በቅል ቶሎ ቶሎ ከጨለፍሽው ጉድጓዷ ትደርቅና ጭቃ ታወጫለሽ፤ ጥቂት ጨልፈሽ ከጠበቅሽ ከዳር ከዳሩ እየሰረገ ይሞላልሻል።

«ይኸውልሽ» አሉ። «ፓምፑ ሲስብ በዙሪያው ያለው ውሃ ጎድጎድ ይላል። በክረምት ከዳር የሚመጣው ብዙ ስለሆነ ያን ጎድጓዳ ቶሎ ይሞላዋል። አሁን ግን ውሃ የያዘው ጠጠር ራሱ ሳስቷል፤ የሚመጣው ትንሽ ነው። ያንኑ ያህል ልሳብ ካልኩ ጎድጓዳው እየጠለቀ ሄዶ ፓምፑ ላይ ይደርሳል። አየር ይስባል። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው በጎኑ የሚያልፈው ውሃ ነው፤ ውሃው ሲቀር ይቃጠላል። ስለዚህ ቫልቩን ጠበብ አድርጌ አንቃለሁ።»

ቫልቩን አሳዩኝ። መዘውሩ ሲከፈት ዘንጉ ወደ ላይ ይወጣል። ዘንጉ ላይ በቀይ ቀለም ሦስት ምልክት አድርገዋል፤ ሲከፈት በመጨረሻ ብቅ የሚለው የታችኛው የመስከረም፣ መካከለኛው የጥር፣ የላይኛው የግንቦት። ሦስተኛው፣ የግንቦቱ ላይ ነበር የቆመው። እኩለ ቀን ላይም ሁለት ሰዓት ያሳርፉታል፤ ውሃው ተመልሶ እንዲጠራቀም።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ነገር ጨመሩ። የውሃ ኮሚቴው ሊቀ መንበር ከወንዙ ዳር የሽንኩርት ማሳ አለው፤ እዚያ ባስቆፈረው ጉድጓድ ላይ የናፍጣ ሞተር ተክሏል። ከእኛ ጉድጓድ ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል። «እሑድ እሑድ እሱ ሲያርፍ» አሉ፣ «የእኔ ገመድ ሁለት ቋጠሮ ቀድሞ ውሃ ያገኛል። የምንጠጣው ከአንድ ጠጠር ነው። ነግሬዋለሁ። አልወደደውም።»

«ለሰው ይንገሩት እንጂ!»

«አንቺ ሰዉን አምጪልኝ፤ እኔ አሳያለሁ። አፍ የለኝም፤ አንቺ አፍ አለሽ።»

አምላኬ፣ እንዲህ ነው ያሉት። አፍ አለሽ።

አልነገርኩም። ሰልፉ ፊት ቆሜ ስለ ሲባጎና ስለ ብሎን ላወራ? የሚስቁብኝ መሰለኝ። «ነገ ይሻሻላል» እያልኩ ሰነበትኩ፤ አልተሻሻለም። አንድ ጠዋት አንዲት ተፈናቃይ ሴት ተራዋ ሲደርስ እኩለ ቀን ሆነ፣ ውሃው ለዕረፍቱ ቆመ። ባዶ ጀሪካኗን በግንባሬ ላይ አሳረፈችው። ደሜ ዓይኔ ውስጥ ሲገባ ከኋላ ድምፅ ሰማሁ፦ «ከሽማግሌው ጋር ተስማምታ ነው!» ሌላው ተቀበለ፦ «ለእነዚያ በርግዶ ከፍቶ፣ ለእኛ ይቆልፋል!»

ይህቺ ናት የፈጀቻቸው። ሰው አሰበ፤ በጥቅምት ለጠላት ይጎርፍ ነበር፣ በግንቦት ለወገን ይንጠባጠባል። በጥቅምትና በግንቦት መሐል ምን እንዳለ ማንም አልጠየቀም።

በማግስቱ ጠዋት ሕዝቡ ወደ ፓምፕ ቤቷ ወጣ። ሊቀ መንበሩ ከፊት ነው፤ ሁለት ሚሊሻ ከጎኑ። እኔም ግንባሬን በሻሽ አስሬ ወጣሁ። አያ ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። ያመጣኋቸው መሰላቸው! ሲባጎውን ከግድግዳው አውርደው ይዘው ወጡ።

«አንተ» አላቸው ሊቀ መንበሩ።

ያን ቀን መጀመሪያ የተወሰደባቸው አንቱታቸው ነው። ልጆቹን የዳሩለት፣ ክርስትና ያነሱለት ሰው «አንተ» ሲላቸው እንደ ደነገጡ ቆሙ። ገመዱን ከፍ አድርገው «ኑ ላሳያችሁ፣ ቋጠሮው...» ማለት ሲጀምሩ ሳቅ ሆነ። እንደ ፈራሁት ሳቁ። አንዱ ገብቶ ቫልቩን አየና «ኧረ ጉድ! ምልክት አድርጎበታል! እስከዚህ ብቻ ብሎ ምልክት አድርጎበታል!» እያለ ጮኸ።

ሊቀ መንበሩ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ዘወትር እዚህ ትመጫለሽ። ግንባርሽም የተፈነከተው በዚሁ ነው። ፊቱ ቆመሽ ተናገሪ። ቫልቩን ይዘጋል ወይስ አይዘጋም?»

ሁሉ ሰው ዞረ። የፈነከተችኝ ሴት አለች፣ ልጇን አዝላ። አያ አዩኝ። አልፈሩም ነበር፤ የኔ አፍ ሊናገርላቸው ነው ብለው ይጠብቃሉ። ነገሩ ሁሉ በአፌ ነበር፤ ሃያው፣ ሠላሳ ሦስቱ፣ አርባ ስምንቱ፣ አሸዋው፣ ሽንኩርቱ። ከተናገርኩ ግን እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ። ከእሳቸው ጋር መሆን በዚያች ሰዓት ምን እንደሆነ በግንባሬ አውቀዋለሁ።

«ይዘጋሉ» አልኩ።

ሌላ አልተጠየቅኩም። ሌላም አልጨመርኩም።

የገዛ ሲባጎአቸውን ከእጃቸው ቀምተው እጃቸውን የኋሊት አሰሩበት። ብሎኑ ከወገባቸው ላይ እየተወዛወዘ ነበር። አንዱ የቧንቧ መፍቻውን አነሳና «በየትኛው እጅህ ነው የምትዘጋው?» አላቸው። ቀኝ ነው ብሎ ራሱ ፈረደ። የጣት አጥንት ሲሰበር ደረቅ ጭራሮ ይመስላል ድምፁ። እኔ ለዚህ ጆሮዬን አልሰጠሁም፤ ግን ሰማሁት። አያ አልጮኹም። «ብቻ አትክፈቱት» አሉ። «የፈለጋችሁትን አድርጉኝ፣ አትክፈቱት።» ይህንንማ ሲሰማ ሕዝቡ ጨርሶ አበደ። ወደ መርሳ፣ ወደ ፖሊስ፣ እየገፉ ወሰዷቸው።

ሊቀ መንበሩ መዘውሩን በሁለት እጁ ይዞ እስከ ጥጉ አዞረው። ሦስቱም ቀይ ምልክት ወጥቶ ታየ።

ወደ ቦኖው ሮጥን። ወይ ውሃ! አራቱም ቧንቧ ደረታቸውን ነፍተው ለቀቁት። ጀሪካን ከሥሩ አይቆምም፣ ይገፈትረዋል። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም እልል አልኩ፤ እጄን አፌ ላይ አድርጌ፣ እንደ ሠርግ። የፈነከተችኝ ሴት አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። «አይዞሽ፣ ነጻ ወጣሽ» አለችኝ።

ግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ አርባ ደቂቃ። በጉድጓዱ ውስጥና በአጠገቡ ተጠራቅሞ የነበረው እስኪያልቅ ነው። ከዚያ ቧንቧው አንዴ ትን አለው። ቆመ፣ ተፋ፣ እንደገና ቆመ። ውሃው ነጭ ሆነ፣ አየር የተቀላቀለበት፤ ቀጥሎ ቡናማ፣ አሸዋ ያለበት። ሰው ይስቃል፣ «ረጋ በል፣ ደርሶሃል» እያለ በቧንቧው ይቀልዳል። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ያ ትንታ ምን እንደሆነ የማውቅ አንድ ሰው ነበርኩ። ጠባቂው ታስሯል። ማጥፊያው የት እንዳለ አውቃለሁ፤ ከበሩ በስተግራ፣ ቀይዋ እጀታ። ከቦኖው ብሮጥ አንድ ጀሪካን ሳይሞላ እዚያ እደርስ ነበር።

አልሮጥኩም። ብሮጥ «በምን አወቅሽ?» ይሉኛላ። በምን አወቅኩ ልበል? «ነግረውኝ ነበር» ልበል? እጄን ቧንቧው ላይ አድርጌ ቆምኩ፤ ብረቱ በእጄ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ እየቀነሰ፣ ከዚያ ዝም አለ። ሊቀ መንበሩ ሄዶ እስኪያየው ድረስ ሞተሩ በደረቁ ሲሠራ ቆይቶ ቤቷ የተቃጠለ ነገር ትሸት ነበር።

ማን አቃጠለው ተባለ? አያ ናቸዋ! «አበላሽቶት ነው የሄደው፣ አሲሮበት ነው» ተባለ። ሊቀ መንበሩ ይህን ሲናገር ዓይኑን አላሸም። ሞተሩን አውጥቶ ሌላ ለማስገባት ባለ ክሬን መኪና ያስፈልጋል፤ መኪናውም ሞተሩም በዚያ ጦርነት መሐል ከየት ይምጣ። ሕዝቡ ወደ ወንዙ ወርዶ አሸዋ መማስ ጀመረ፤ ሰውም ከብትም ከአንድ ጉድጓድ። ሽንኩርቱ ግን ውሃውን አላጣም። ቀጥሎ የሆድ በሽታ ገባ። የፈነከተችኝን ሴት ሰኔ ላይ አየኋት፤ ጀርባዋ ላይ ምንም አላዘለችም። አልጠየቅኳትም።

ክረምቱ ግን ጥሩ ዘነበ። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ባለሙያዎች መጥተው አዲስ ሞተር አስገቡ፤ መቆጣጠሪያ ሳጥኑንም አደሱት። ሌላ ጎልማሳ ፓምፑን ተረከበ። ቫልቩን እስከ ጥጉ ከፈተው፤ ውሃው ጎረፈ። ሰዉ በግራም በቀኝም አንድ ነገር ይላል፦ «ይኸው! እሱ ሲነሣልን ሞላ!»

በዚያው ሰሞን አያን ፈቷቸው። ክስ አልነበረማ፤ ማን ምን ብሎ ይከሳቸዋል። መስከረም ሲጠባ አንድ ጠዋት ከወረፋው መሐል አየኋቸው። ትንሽ ጀሪካን በግራ እጃቸው ይዘዋል። ቀኝ እጃቸው በጋቢያቸው ሥር ነው። ሴቶቹ በሹክሹክታ ሳይሆን ሆን ብለው እሳቸው እንዲሰሙ «ሲሄድልን ሞላ» ይባባላሉ። ተራቸው ደረሰ። ጀሪካናቸውን ከቧንቧው ሥር አደረግኩ። ውሃው ሲሞላ ቀና ብለው አዩኝ፤ በፓምፕ ቤቷ በር ላይ እንዳዩኝ። ቁጣ የለበትም። አሁንም አፌን እየጠበቁ ነው! ሠላሳ ሴት ይሰማኛል፤ ታጣቂ የለ፣ ድንጋይ የያዘ የለ። «አያ ልክ ነበሩ» ማለት ብቻ ነው።

«ቀጣይ!» አልኩ።

ጀሪካናቸውን አነሱ። «ውሃው መልካም ነው» አሉኝ። «ጥር ላይ ግን ማነቅ እንዳይረሳ፣ ለአዲሱ ሠራተኛ ንገሪው።» ሄዱ። በሳምንቱ ልጃቸው ጋ ወደ ሐራ ተሻገሩ አሉ። ኅዳር ላይ የእሳቸው መርዶ መጣ። ለቅሶ አልሄድኩም፤ በምን ዓይኔ።

ጥር ገባ፤ ጦርነቱ ቆመ ከተባለ በኋላ ነው። ቧንቧው ቀጠነ። አንዲት ሴት ጮኸች፣ «ቫልቩን ዘግቶብን ነው!» አለች። አዲሱ ሠራተኛ ከአጥሩ ውስጥ ወጥቶ ቆመ፤ ቫልቩን ወደ ሁለተኛው ቀይ ምልክት ዝቅ አድርጎታል። ምልክቱ አልጠፋም፤ ባለሙያዎቹ አይተው «ማን ነው ይህን የሠራው? ጎበዝ ነው፣ ተጠቀምበት» ብለውት ነበር።

ሊቀ መንበሩ ሽንኩርቱን ሊጭን በዚያ ሲያልፍ ቆመ። ምን እንደሚል ጠበቅኩ። እጁን በሴቲቱ ላይ ወዝወዝ አድርጎ እንደ ቀላል ነገር ተናገረ፤

«ምን ያስጮህሻል? በጋ አይደል እንዴ! ውሃው ይወርዳላ። አንቆ ካልሳበው ሞተሩ ይቃጠላል። ይህን የማያውቅ አለ?»

ሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አዎ፣ በጋ ነው ተባባሉ። ማንም ወደ ማንም አላየም። እኔም ጀሪካኑ እስኪሞላ ቧንቧውን ይዤ ቆምኩ።